ሰባት ወር የሮጥኩት የት ገባ?

የዓመቱ መጨረሻ የምዘና ቅጽ ላይ «ዒላማ» የሚል ዓምድ አለ። አንድ ብቻ። ከጎኑ «ክንውን»፣ ቀጥሎ «በመቶኛ»። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ዓመቱ ሲጀመር የተባለው ነገር ዓመቱ ሲያልቅም እንዳለ ይቆያል ብሎ አስቧል። እንደዚያ የሆነበትን ዓመት እኔ ብዙ አላውቅም። በጀት ይታጠፋል፣ አንድ ምርት ይቋረጣል፣ ትልቅ ደንበኛ ይወጣል፣ አለቃ ይቀየራል፤ ከዚያ አንድ ቀን በኢሜይል «ከዛሬ ጀምሮ ትኩረታችን ወደዚህ ነው» ይባላል። ኢሜይሉ የሚያወራው ስለሚቀጥሉት ወራት ነው። ስላለፉት ወራት ምንም አይልም። ጭቅጭቁ የሚወለደው እዚያ ነው፤ የሚሰማው ግን ዓመቱ ካለቀ በኋላ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ቅጽ መሃል አስቀምጠው ፊት ለፊት ሲቀመጡ ነው።

ቡድን ስመራ ብዙ ጊዜ ያየሁት አንድ ዓይነት ጉዳይ አለ፣ እሱን ዘርዘር አድርጌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

አንዲት ባልደረባዬ የዓመቱ ዒላማዋ 240 አዳዲስ ደንበኞችን ማምጣት ነበር። ሥራው ወደ ዓመቱ መጨረሻ የሚደራ ስለሆነ ዕቅዱ በየወሩ እኩል አልተከፋፈለም። ለመጀመሪያዎቹ 7 ወራት 120፣ ለቀሪዎቹ 5 ወራት ደግሞ ሌላ 120 ተይዞ ነበር። 7ኛው ወር ሲዘጋ 132 አምጥታለች። ከዕቅዷ በላይ ሄዳለች ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን አገልግሎቱን ለደንበኛ የሚያደርሰው ክፍል ጭነቱን መቋቋም አቃተው። አዲስ ሲመጣ ነባሩ ይጉላላል፣ ቅሬታው በዛ፣ አንዳንዱ ውሉን ላለማደስ ማንገራገር ጀመረ። ማኔጅመንቱ ተሰብስቦ ወሰነ። በቀሪዎቹ 5 ወራት አዲስ ደንበኛ 60 ብቻ ይበቃል። በምትኩ በእነዚሁ ወራት ውላቸው የሚያልቅ 100 ነባር ደንበኞች አሉ፤ ከእነሱ 80ዎቹን ውል ማሳደስ። ክብደቱም 40 በመቶ ለአዲስ ደንበኛ፣ 60 በመቶ ለውል እድሳት ሆነ። ውሳኔው ራሱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ማገልገል የማትችለውን ደንበኛ ማምጣት ምን ይጠቅማል?

ዓመቱ አለቀ። በመጨረሻዎቹ 5 ወራት 54 አዲስ ደንበኞች አመጣች፣ በድምሩ 186 ማለት ነው። ውላቸውን ያደሱት ደግሞ 72 ሆኑ። እንግዲህ ይህች ሴት ስንት ታገኛለች?

እንደ መዛኙ ነው። ያ ነው የሚያሳስበኝ። አንዱ የዓመቱን መጀመሪያ ሰነድ አውጥቶ 186ን ለ240 ያካፍላል፤ 77.5 በመቶ። በዚህ ስሌት ሴትዮዋ የተቀጣችው አዲስ ደንበኛ ማምጣቱን ቀንሺ ስትባል ስለቀነሰች ነው። ውል ያሳደሰችባቸው 72 ደንበኞች ደግሞ በዚያ ሰነድ ላይ ቦታ የላቸውም፣ ስለዚህ እንዳልተሠሩ ይቆጠራሉ። ሌላው የመጨረሻውን ዒላማ ብቻ ያያል። 54 ከ60፣ 72 ከ80፤ ሁለቱም 90 በመቶ፣ ስለዚህ ውጤቷ 90። ይኼኛው ለማየት ያምራል፣ «አዲሱ ዒላማ አሮጌውን ሽሯል» የሚል የሚመስል ምክንያትም አለው። ግን 7 ወር ሙሉ ጠፋ። እሷም ቁጥሩን ስታየው መጀመሪያ ያለችው ይህንኑ ነው። «90 መሆኑ አይደለም የከነከነኝ፤ ሰባት ወር የሮጥኩት የት ገባ?»

ሦስተኛ መንገድ አለ፣ በጣም የሚያታልለው እሱ ይመስለኛል። «የዓመቱን ዒላማ እናስተካክለው» ይባልና አዲስ ድምር ይወጣል። ግን የትኛው ድምር? ለ7 ወራት ታቅዶ የነበረውን 120 ወስደህ 60 ብትጨምርበት 180 ይሆናል፤ 186 አምጥታለችና 103 በመቶ አገኘች። በ7 ወራት በትክክል የተሠራውን 132 ወስደህ 60 ብትጨምርበት ግን 192 ይሆናል፤ አሁን 97 በመቶ ነች። ሰውዬዋ ያው፣ ሥራው ያው። የተለየው ነገር ቢኖር ከዕቅድ በላይ ያመጣቻቸው 12 ደንበኞች የማን ናቸው የሚለው ነው። በመጀመሪያው ስሌት የእሷ ናቸው። በሁለተኛው ዒላማው ውስጥ ተውጠው እንደ መነሻ ተቆጠሩ፤ በርትታ መሥራቷ ለራሷ ዕዳ ሆነባት። ብዙ ቦታ ይኼ ሁለተኛው ስሌት የሚመረጠው በክፋት አይመስለኝም። ሪፖርቱ ላይ ዝግጁ ሆኖ የሚገኘው የተሠራው ቁጥር ስለሆነ፣ ሰው በእጁ ያለውን ይዞ ይደምራል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ዒላማ በተቀየረበት ቀን ዓመቱ ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል ሒሳብ በዚያው ቀን ይዘጋል። እያንዳንዱ ክፍል የሚመዘነው በራሱ ጊዜ ሥራ ላይ በነበረው ዒላማ ነው፤ ኋላ የመጣ ዒላማ ወደ ኋላ ተመልሶ አይፈርድም፣ የተሻረ ዒላማም ከተሻረበት ቀን አልፎ አይሠራም።

በዚህ አካሄድ የመጀመሪያው ክፍል 132 ከ120፣ 110 በመቶ ነው። ሁለተኛው ክፍል 54 ከ60 እና 72 ከ80፣ ክብደቱ 40 እና 60 ሲገባበት 90 በመቶ። አሁን ሁለቱን ማጣመር ይቀራል። ብዙ ሰው ወሩን ቆጥሮ ያባዛል። 7 ወር በ110፣ 5 ወር በ90፣ ለ12 ሲካፈል 101.7 ይሆናል። ይህ የሚያስኬደው ሥራው በየወሩ ተመሳሳይ ከሆነ ነው። እዚህ ግን የመጀመሪያው ዕቅድ ራሱ የዓመቱ ሥራ ግማሽ በመጨረሻዎቹ 5 ወራት ላይ ይወድቃል ብሎ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ክፍሎች እኩል ይመዝናሉ፣ ውጤቱም ልክ 100 ይሆናል። እዚህ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የዓመቱ ሦስት አራተኛ ሥራ በጥቂት ወራት ላይ በሚወድቅበት ሙያ ግን የውጤት ደረጃ ሊያስቀይር ይችላል። እኔ የምመርጠው ውጤቱ ሳይታወቅ በፊት ተጽፎ የነበረውን አከፋፈል ነው፣ ለማንም ያድላ። ቁጥሮቹ ከታወቁ በኋላ «የቱ ይሻላል?» ብሎ መምረጥ ከተጀመረ ምዘናው ድርድር ሆነ ማለት ነው።

ስለ ጣሪያ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋልና። ብዙ ቦታ ውጤት ከ100 በላይ አይያዝም። ያ ጣሪያ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ከተጫነ 110ሩ ወደ 100 ይወርዳል፣ ከ90 ጋር ሲጣመር 95 ይሆናል። ዒላማው ባይቀየርና ዓመቱ አንድ ሆኖ ቢቆጠር የመጀመሪያዎቹ ወራት ትርፍ የኋለኛውን ጉድለት ይሸፍን ነበር። ዓመቱን የከፈለው ድርጅቱ ነው፤ ክፍፍሉ በሠራተኛው ላይ ኪሳራ ማምጣት የለበትም። ጣሪያ ካለ መጨረሻው ድምር ላይ ብቻ ይሁን።

ወደ 90ው ልመለስ፣ ምክንያቱም ውስጡ ሌላ ነገር አለ። ከ100ዎቹ ውሎች 16ቱ የሚያልቁት ዒላማው በተቀየረ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነበር። የውል እድሳት ደግሞ በአንድ ሳምንት የሚሆን ነገር አይደለም። ደንበኛው ቅሬታውን ይናገራል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ከራሱ አለቆች ጋር ይመክራል፤ በዚያ ሥራ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ መጀመር ነበረበት። እሷ ዝርዝሩ እጇ ሲገባ 16ቱ ደንበኞች ግማሽ ልባቸው ወጥቶ ነበር። ከእነሱ 6 አደሱ። ከቀሩት 84 ደግሞ 66 አደሱ፤ ይህ 78.6 በመቶ ነው፣ ከተጠየቀችው 80 በመቶ ጋር ሲነጻጸር 98 በመቶ ክንውን። እንግዲህ 72 ከ80 የሚለው ቁጥር ሲፈታ ጉድለቱ ከሞላ ጎደል የመጣው ማንም ሊደርስበት ከማይችለው ከዚያ የመጀመሪያ ወር ነው።

ይህን ምን እናድርገው? መዛኞች እዚህ ላይ ይለያያሉ። አንዳንዱ 16ቱን ከስሌቱ አውጥቶ በ84ቱ ብቻ ይመዝናል። እኔ ይህን የምቀበለው ማስረጃው በቀን የተደገፈ ከሆነ ነው፤ ዝርዝሩ መቼ ተሰጣት፣ እያንዳንዱ ውል መቼ ያልቃል፣ የመጀመሪያው ስልክ መቼ ተደወለ። እነዚህ ሦስት ቀኖች ካሉ ነገሩ ስሜት መሆኑ ይቀርና መረጃ ይሆናል። ከሌሉ ቁጥሩን እንዳለ ትቼ በአስተያየት ቦታው ላይ በግልጽ እጽፋለሁ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዒላማው ሲቀየር በዚያው ቀን «ከ1 ወር በኋላ የሚያልቁ ውሎች ብቻ ይቆጠራሉ» ብሎ መወሰን ነበር። አዲስ ዒላማ መሸጋገሪያ ጊዜ ይፈልጋል። ሳይሰጠው የቀረ ዒላማ በመጀመሪያው ወር የሚለካው የሰውየውን ብርታት ሳይሆን የውሳኔውን መዘግየት ነው።

ሌላው የሚጠፋ ነገር በመንገድ ላይ ያለ ሥራ ነው። ዒላማው በተቀየረበት ቀን እሷ ደንበኛ ሊሆኑ ከሚችሉ ሌሎች 31 ጋር በንግግር ላይ ነበረች። ከፊሎቹ የዋጋ ማቅረቢያ ደርሷቸዋል። እንዲቆም ሲባል ቆመ። ይህ ሥራ 132ቱ ውስጥ የለም፣ 54ቱ ውስጥም የገባው ጥቂቱ ነው። ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ምዘና አያየውም። የመጀመሪያውን ክፍል ስንዘጋ የተጠናቀቀውን ብቻ ሳይሆን የት እንደደረሰም መመዝገብ አለብን የምለው ለዚህ ነው። ፕሮጀክት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ይኼ ይብሳል። የ10 ወር ፕሮጀክት 6ኛው ወር ላይ ሲሰረዝ «ተጠናቋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ለ6ኛው ወር የታቀደው ደረጃ ላይ ደርሷል ወይ ነው ጥያቄው። ደርሶ ከሆነ ያ ክፍል ሙሉ ነው፣ ምንም እንኳ በመጨረሻ የሚታይ ነገር ባይኖርም። እንዲህ ሲሆን አንዳንድ አለቆች ግቡን ከቅጹ ላይ ያወጡትና ክብደቱን ለሌሎቹ ግቦች ያከፋፍሉታል። በዚያን ጊዜ የሰውየው ግማሽ ዓመት ተሰረዘ፣ ትንሽ የነበረው ሌላ ግቡ ደግሞ በድንገት ዓመቱን ሙሉ የሚወስን ሆነ።

እስካሁን የተናገርኩት ቅያሬው እውነተኛ ከሆነ ነው። ሁሉም ግን እውነተኛ አይደለም። ሰው ወደ ኋላ ሲቀር ዒላማው እንዲቀነስለት የሚደረግበት አለ፣ ሰው ሲያልፈው እንዲሰቀልበት የሚደረግም አለ። ሁለቱንም የምለይበት መንገድ ቀላል ነው። ምክንያቱን አነብና ራሴን እጠይቃለሁ፤ የዚህን ሰው ውጤት ባላውቅ ይህ ምክንያት ይቆማል? «የሚያደርሰው ክፍል ጭነቱን አልቻለም» ይቆማል፣ ማንም ቦታው ላይ ቢኖር ዒላማው ይቀየር ነበር። «እስካሁን በሄደችበት ፍጥነት 240 ያንሳታል» አይቆምም፤ ምክንያቱ ራሷ ናት። ሌላ ማረጋገጫ ደግሞ ያው ሥራ የሚሠሩትን ሌሎች ማየት ነው። አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ሥራ ይዘው የአንዱ ዒላማ ብቻ ከተነካ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲበረቱ ዒላማን መስቀል ምን እንደሚያመጣ ደግሞ የታወቀ ነው። በሶቪየት ኅብረት የፋብሪካ ኃላፊዎች የዘንድሮ ምርት የከርሞ ዕቅድ መነሻ እንደሚሆን ስለሚያውቁ ማምረት የሚችሉትን ሁሉ አያመርቱም ነበር። ቢሮ ውስጥም ያው ነው። አንዴ በዓመቱ አጋማሽ ዒላማው የተሰቀለበት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ስድስተኛው ወር ላይ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

2020 ላይ ወረርሽኙ ሲመጣ ይኼ ጉዳይ በአንድ ጊዜ የሁሉም ሆነ። ለዓመቱ የተቀመጠ የሽያጭ ቁጥር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትርጉም አጣ። አንዳንድ ትልልቅ ኩባንያዎች ዓመቱን ለሁለት ከፍለው የኃላፊዎቻቸውን ጉርሻ ለየብቻ መዘኑ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ዓመቱ እስኪያልቅ ቆይተው በራሳቸው ፍርድ ወሰኑ። ለባለአክሲዮኖች ምክር የሚሰጠው አይኤስኤስ የተባለው ድርጅት በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ፣ ዒላማ የሚቀይሩ ቦርዶች ምክንያታቸውን በዚያው ሰዓት እንዲያሳውቁ አበረታቷል። በዚያው ሰዓት የሚለው ነው ለእኔ ትልቁ ነገር። ከዓመት በኋላ የሚጻፍ ምክንያት ውጤቱን አይቶ ነው የሚጻፈው። ጸሐፊው ሐቀኛ ቢሆንም እንኳ የሆነውን ካወቀ በኋላ ሳያውቅ ምን ያስብ እንደነበር ማስታወስ አይችልም።

ስለዚህ ዒላማ በተቀየረ ቁጥር አንድ ገጽ ማስታወሻ አጽፋለሁ። የሚጻፈው ብዙ አይደለም። ለውጡ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ፣ እስከዚያ ቀን ታቅዶ የነበረውና የተሠራው፣ በመንገድ ላይ ያለው ሥራ የት እንደደረሰ፣ ለውጡ ለምን እንደመጣ፣ አዲሱ ዒላማ ለቀሪው ጊዜ ብቻ ስንት እንደሆነ፣ መሸጋገሪያው ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ሁለቱ ክፍሎች በምን ክብደት እንደሚጣመሩ። ሁለታችንም እንፈርማለን። ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። አዲሱን ዒላማ በዓመት ድምር አላጽፍም፣ ሁልጊዜ ለቀሪው ጊዜ ብቻ፤ ያ የ180 እና የ192 ክርክር የሚመጣው ድምር ከተጻፈ ነውና። ቅጹ አንድ ዓምድ ብቻ ካለው፣ በሲስተሙ ውስጥ ደግሞ መጨመር ካልተቻለ፣ ያንኑ ግብ በሁለት መስመር ማስገባት ይቻላል። አንዱ «ከ1ኛ እስከ 7ኛ ወር»፣ ሌላው «ከ8ኛ እስከ 12ኛ ወር»፣ ክብደቱ ተካፍሎ። የሰው ኃይል ክፍሎች መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል፣ ኋላ ግን ቅሬታ የሚያጣሩት እነሱ ስለሆኑ ይወዱታል።

ማስታወሻው ያልተጻፈበት ዓመትስ? እንደ እኔ ባልደረባ ጉዳይ፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ተቀምጦ መልሶ መገንባት ነው። ይቻላል። የ7ኛው ወር ሪፖርት አለ፣ ውሳኔው የተነገረበት ኢሜይል አለ፣ የውሎቹ ማብቂያ ቀን አለ። እኛም እንደዚያ አደረግን። ዓመቱን ለሁለት ከፍለን፣ 110ሩን እንዳለ ያዝነው፣ የ16ቱን ውሎች ቀን አንድ በአንድ አየን። ዝርዝሩ የተላከላትን ኢሜይል አመጣች፣ ከውሎቹ 9ኙ የሚያልቁት እሱ ከደረሳት በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነበር። እነሱን 9ኙን አወጣናቸው፤ ከእነሱ ያደሰ አንድም አልነበረም። የቀሩት 7ቱ እንዲቆጠሩ ተስማማን፣ እሷም ራሷ «እነዚህኞቹ ላይ ጊዜ ነበረኝ» አለች። 72 ከ91 ሆነ፤ ከ80 በመቶው ጋር ሲነጻጸር ወደ 99 በመቶ ይጠጋል። ሁለተኛው ክፍል ከ90 ወደ 95 ግድም ወጣ፣ ዓመቱ በጠቅላላ ወደ 103።

ከዚያ የሚቀጥለው ዓመት ዒላማ ላይ ደረስን። አንድ ሰው 186ን መነሻ አድርጎ ነበር፣ ዓምዱ ላይ ያለው የመጨረሻ ቁጥር እሱ ስለሆነ። 186 ግን ምንንም አይወክልም፤ ከፊሉ በሙሉ ኃይል፣ ከፊሉ በትዕዛዝ ተገድቦ የመጣ ቁጥር ነው። መነሻ ከተፈለገ ያልተገደበው ጊዜ 132 አለ፣ ለ7 ወር። የሚያደርሰው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ስንት አዲስ ደንበኛ መቀበል እንደሚችል ደግሞ የሚያውቀው እሱ ነው። መጀመሪያ እሱን ጠየቅን።